«ያ ዕረፍት ወረቀቱ ላይ የለም»

ባለፈው ታኅሣሥ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ከርሜ ነበር። ውጭው በረዶ ስለነበረ ውሏችን ማዕድ ቤት ካለው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የእህቴ ልጅ ማርታ እዚያው አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት። ፊደል የቆጠረችው በሰንበት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ አማርኛን ጠለቅ ብላ የተማረችው ግን ካደገች በኋላ፣ ማንም ሳያስገድዳት ነው። ልብ ወለድ ታነባለች፣ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ከእናቷ ጋር ስትጨቃጨቅም በአማርኛ ነው። በዚያ ሰሞን ለአስተርጓሚነት ፈተና እየተዘጋጀች ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ፣ ከአንድ ጋዜጣ ያተመችውን ገጽ ፊቴ ዘረጋችና «ጋሼ፣ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ» አለችኝ።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣ የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው። ለእኔ የጋዜጣ ዓረፍተ ነገር እንደ ቤቴ ደጃፍ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እገባበታለሁ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የሚከተለው ነበር፤ ጉዳዩ የማንም እንዳይሆን ጥቂት ነገር ቀይሬበታለሁ፣ አሠራሩን ግን አልነካሁም፦

«የከተማው አስተዳደር ቤቶች ልማት ቢሮ ባለፈው ዓመት ውል ተፈራርሞ ወደ ሥራ ካስገባቸው ሦስት የሕንፃ ተቋራጮች መካከል በውሉ በተቀመጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ግንባታውን ባለማጠናቀቁ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ድርጅት ያቀረበውን የተጨማሪ ጊዜ ጥያቄ ውድቅ ማድረጉን የቢሮው ኃላፊ ትናንት ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ አስታወቁ።»

አርባ ቃል ነው። አንድም ነጠላ ሰረዝ የለውም። «ምኑ ነው የከበደሽ?» አልኳት፤ በእውነት አልታየኝም ነበር። «የገባኝን ልንገርህ» አለችና «ድርጅቱ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ፤ ኃላፊው ይህን ለጋዜጠኞች ተናገሩ» አለችኝ። ሳቅሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው፤ ቢሮው የሠራውን ለድርጅቱ ሰጥታዋለች። «ውድቅ ያደረገው ቢሮው ነው እንጂ! ስሚ፣ ላንብብልሽ» አልኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ጨርሼ ቀና ስል ጣቷ «ቢሮ» የሚለው ቃል ላይ ነበር። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ዐረፍክ» አለችኝ። «ቢሮ ብለህ ትንፋሽ ወሰድክ፣ ከዚያ ቀጠልክ። ያ ዕረፍት ወረቀቱ ላይ የለም። ከየት አመጣኸው?»

መልስ አልነበረኝም። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። እኔ ያረፍኩት ዓረፍተ ነገሩን ስለተረዳሁ ነው፤ የተረዳሁት ግን ዓረፍተ ነገሩ ስለነገረኝ አልነበረም። ተቋራጭ ዘግይቶ፣ ማስጠንቀቂያ ተቀብሎ፣ ተጨማሪ ጊዜ ለምኖ ሲከለከል በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንብቤአለሁ። ታሪኩን አስቀድሜ ስለማውቀው ቃላቱን በልኩ ሰፋሁላቸው። ማርታ ታሪኩን አታውቀውም። በእጇ የነበረው ወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ከጅራቱ መጀመር

እዚያው እህቴ ቤት ሳለሁ እንደገና ተቀመጥን፤ በዚህ ጊዜ እርሳስ ይዘን። ዓረፍተ ነገሩን ከራሱ ሳይሆን ከጅራቱ እንድትይዘው ነገርኳት። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባል የለ? የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሥሩ መጨረሻው ላይ ነው፤ ማሰሪያ አንቀጹ ከአራት ነጥቡ ጎን ቆሞ ይጠብቃል።

ማሰሪያው «አስታወቁ» ነው፤ ከበበችው። ማን አስታወቁ? የግሱ መድረሻ «ኡ» ነው፤ ስለዚህ አድራጊው ወይ ብዙ ነው፣ ወይ የሚከበር ሰው ነው። ወደ ኋላ ስትሄድ የምታገኘው ሰው አንድ ነው፣ «የቢሮው ኃላፊ»። በመካከላቸው ያለው «ትናንት ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ» መቼና የት እንደተባለ ብቻ የሚናገር ስለሆነ በቀላል መስመር ሰረዝነው። እዚህ ላይ ማርታ መቁጠር ጀመረች። «የቢሮው ኃላፊ ትናንት ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ አስታወቁ» ሰባት ቃል ነው፤ በራሱ የቆመ፣ ምንም የማያሻማ ዓረፍተ ነገር ነው። የቀሩት 33 ቃላት በሙሉ ለአንድ ጥያቄ መልስ ናቸው፦ ምን አስታወቁ?

የመልሱ መዝጊያ «ማድረጉን» ነው። ይህን ቃል ጊዜ ሰጥተን ፈታነው፤ የጋዜጣ ዓረፍተ ነገር የሚዞርበት ማጠፊያ እርሱ ስለሆነ። «ማድረግ» አለ፣ አድራጊውን የሚያመለክት «ኡ» አለ፣ ተሳቢ መሆኑን የሚናገር «ን» አለ። አድራጊው ነጠላ ነው፣ አንቱታም የለውም። ውድቅ ያደረጉት ኃላፊው ቢሆኑ ኖሮ ጋዜጣው «ማድረጋቸውን» ይል ነበር። ይህ ትልቅ መለያ ነው። በዜና ቋንቋ ባለሥልጣን አንቱ ይባላል፣ መሥሪያ ቤት ግን አንቱ አይባልም። ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰውና ተቋም ሲቀላቀሉ የግሶቹ መድረሻ ማን የማን እንደሆነ ይለያል። ኃላፊው ወጡ፤ ሁለት ተቋማት ቀሩ፣ ቢሮውና ድርጅቱ።

«እሺ፣ የትኛው?» አለችኝ። ገና አትመልሺ አልኳት። ቃል በቃል ለሚያነብ ሰው ወጥመዱ እዚህ ነው። «ማድረጉን» ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ የሚያየው በቅርብ ያለውን ስም ነው፤ የቀረበው ደግሞ ድርጅቱ ነው። «ቢሮ» በአምስተኛው ቃል ላይ፣ «ማድረጉን» በሠላሳ ሦስተኛው ላይ ነው። በመካከላቸው 27 ቃላት አሉ። ያን ሁሉ መንገድ አንድን ስም በእጅ ይዞ መጓዝ ቀላል አይደለም።

ከዚያ ማጠፍ ጀመርን። ማጠፍ የምለው ረጅሙን የስም ሐረግ በመጨረሻው ስም ብቻ መተካት ነው። «ያቀረበውን የተጨማሪ ጊዜ ጥያቄ» ሲታጠፍ «ጥያቄውን» ይሆናል። «በውሉ በተቀመጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ግንባታውን ባለማጠናቀቁ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ድርጅት» ሲታጠፍ «ድርጅቱ» ይሆናል። ማርታ ትናንሽ ወረቀቶች ቀድዳ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ስም ጽፋ በረጅሙ ሐረግ ላይ ትደርብበት ነበር። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ዓይን ከሚያየው ብዛት እንዲገላገል ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

መዝጊያው ይታያል፣ መክፈቻው አይታይም

ወረቀቶቹን ስንደራርብ ነው የእኔ መተማመን የተናጋው። «ድርጅት» የሚለው ሐረግ የሚያበቃበት ግልጽ ነው፤ ስሙ ራሱ መዝጊያው ነው። የሚጀምረውስ የት ነው? ማርታ ወረቀቱን ከ«በውሉ» አስጀመረችው። ቀጥላ ወደ ግራ ሳበችው፣ «ባለፈው ዓመት» ላይ አደረሰችው። ከዚያ እኔን እያየች አሁንም ሳበችው፤ «ቢሮ»ን ጨምሮ እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ሸፈነው።

«ይህን የሚከለክለኝ ምንድን ነው?» አለች።

ምንም የሚከለክላት የለም። አማርኛ ስምን የሚገልጽ ሐረግ ሲሠራ «የ»ን የሚያስቀምጠው በሐረጉ በር ላይ አይደለም፣ መጨረሻው ላይ በሚገኘው ግስ ላይ ነው። «ትናንት ከወንድሜ ጋር ገበያ የሄደው ልጅ» ስንል ገላጩ የጀመረው «ትናንት» ላይ ነው፤ መጀመሩን ግን ማንም አልነገረንም። «የሄደው» ጋ ስንደርስ ነው ያለፉት አራት ቃላት ስለ ልጁ እንደነበሩ የምናውቀው። አጭር ሲሆን አንቸገርም። ከፊቱ አንድ ባለቤት የሚመስል ስም ሲመጣ ግን ያ ስም በገላጩ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ ቆሞ የራሱን ግስ እየጠበቀ ነው የሚለው ክፍት ሆኖ ይቀራል።

የእኛ «ቢሮ» እንዲህ ያለ ስም ነው። ውጭ ካቆምነው ታጥፎ የሚገኘው «ቢሮው ድርጅቱ ያቀረበውን ጥያቄ ውድቅ አደረገ» የሚለው ነው። ውስጥ ካስገባነው ደግሞ «ካስገባቸው» ለሚለው ግስ ባለቤት ይሆንና ሥራውን እዚያው ይጨርሳል፤ ቢሮው ተቋራጮቹን ወደ ሥራ አስገባ፣ አበቃ። ከእነዚያ ተቋራጮች መካከል የሆነው ድርጅት ታዲያ ለ«ማድረጉን» ባለቤት ይሆናል፤ ጥያቄውን ያቀረበው ደግሞ ቢሮው ይሆናል። ይህ የማርታ ንባብ ነው። የሳቅሁበት ንባብ። ሰዋስዉ ሁለቱንም ይፈቅዳል።

«ቢሮ ከተቋራጭ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል እንዴ?» ብዬ ለመከራከር ሞከርኩ። «ክፍያ ከዘገየበትስ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። በመጨረሻ የገላገለን የዜናው ሦስተኛ አንቀጽ ነው፤ ድርጅቱ የሲሚንቶ እጥረትን ምክንያት አድርጎ ጊዜ መጠየቁ እዚያ ተጽፏል። እኔ ልክ ነበርኩ። ግን ልክ መሆኔ ዕውቀቴን አላስመሰከረም፤ ከ«ቢሮ» በኋላ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር አይመጣም ነበር። በድምፅ ስናነብ ትንፋሻችን የሚሠራውን ሥራ በወረቀት ላይ የሚሠራው እርሷ ናት፤ ጋዜጦቻችን ግን በአብዛኛው የሚያስቀምጧት ዝርዝር ሲቆጥሩ ነው።

«ካስገባቸው» የበላው ደቂቃ

ከአርባው ደቂቃ ግማሹ የት እንደሄደ ስጠይቃት ያሳየችኝ «ካስገባቸው»ን ነው። «ቢሮው ተቋራጮቹን ወደ ሥራ ካስገባ… ምን ይሆናል?» ብላ ውጤቱን ስትፈልግ ቆይታለች። እውነትም «ካስገባ» ብቻውን ሲታይ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ «ልጁን ትምህርት ቤት ካስገባ ይበቃል» እንደምንለው። እዚህ ያለው «ከ» ግን ሌላ ነው። መነሻው «ያስገባቸው ተቋራጮች» ነው፤ ከፊቱ «ከ» ሲመጣበት «የ» ተውጣ ቀረች። «ከያስገባቸው» አይባልም። «በ»፣ «ለ»፣ «ስለ»ም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ «በሰጡት መግለጫ» ውስጥ «የሰጡት» አለ፣ «በተቀመጠው የጊዜ ገደብ» ውስጥ «የተቀመጠው» አለ። የጋዜጣ አማርኛ ግማሹ «የ» የሚገኘው እንዲህ ተደብቆ ነው።

በምን ይለያል? ማርታ ራሷ ያገኘችው መለያ ከእኔ ይሻላል፦ ከግሱ በኋላ የሚመጣውን ተመልከት። ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ከኋላው ራሱን የቻለ አዲስ ነገር ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም ሰረዝ ይለየዋል። የተደበቀ «የ» ከሆነ ግን ወዲያው ስም ይከተላል፤ ከስሙም በኋላ «ከ»ን የሚጠብቅ ጓደኛ ይመጣል፣ «መካከል»፣ «ጋር»፣ «በላይ»፣ «በኋላ»። እዚህ «ካስገባቸው» ብሎ «ሦስት የሕንፃ ተቋራጮች» ብሎ «መካከል» ሲል በሩ ይዘጋል። «አቸው» የምትለዋም ቅጥያ ወደ ፊት ትጠቁማለች፤ ወደ ሥራ የገቡት ብዙ ናቸው፣ እነርሱም ገና የሚጠሩት ተቋራጮች ናቸው።

መስተዋድዱ የሚለጠፍበት ቦታና የሚያገለግለው ቃል መራራቁ ሌላም ቦታ ያደናግራል። «ለከተማው አስተዳደር ቤቶች ልማት ቢሮ ኃላፊ ደብዳቤ ተጻፈ» በሚለው ውስጥ «ለ» የተለጠፈው «ከተማው» ላይ ነው፣ ደብዳቤው የተጻፈው ግን ለኃላፊው ነው። እንዲህ ያለውን የስም ሰንሰለት ከኋላ ወደ ፊት እየጠየቁ መፍታት ይቀላል። ኃላፊ፤ የምን? የቢሮ። የምን ቢሮ? የቤቶች ልማት። የማን? የከተማው አስተዳደር። እዚህ ጋ ደርሰን መነሻዋን «ለ» አንስተን ለኃላፊው እንሰጠዋለን። ዘዴው የማይፈታው ነገርም አለ። «የቀድሞው የከተማው ቤቶች ልማት ቢሮ ኃላፊ» ሲባል ቀድሞ የነበረው ቢሮው ነው ወይስ ኃላፊው? ቢሮው ፈርሶ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ሰውየው ተነሥተው ከሆነ ሌላ። ይህን ጥያቄ ዜናውን ለጻፈው ሰው ስልክ ደውሎ መጠየቅ ካልሆነ ከወረቀቱ መልስ አይገኝም።

አንዲት «ን»

በማግሥቱ ማርታን የፈተንኳት በራሴ ነው። ሁለት ሐረጎች ጻፍኩላት፦ «ግለሰቡ የከሰሰው ድርጅት» እና «ግለሰቡን የከሰሰው ድርጅት»። ልዩነታቸው አንዲት «ን» ናት። በመጀመሪያው ከሳሽ ግለሰቡ ነው፣ በሁለተኛው ከሳሽ ድርጅቱ ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ ለሚያስተረጉም ሰው ይህች ፊደል እንጀራው ናት።

አላሳሳታትም። ይልቁንስ እርሷ አንዱን ቃል ሰረዘችና «የከሰሰው ድርጅት» ብቻ አስቀረችልኝ። «አሁንስ?» አለች። «የከሰሰው» ውስጥ ያለችው «ው» ሁለት ሥራ ትሠራለች። ስሙ የታወቀ መሆኑን ብቻ ልታመለክት ትችላለች፤ ያን ጊዜ ከሳሹ ድርጅቱ ነው። ወይም የተከሰሰውን ልታመለክት ትችላለች፤ ያን ጊዜ አንድ ያልተጠቀሰ ሰው ድርጅቱን ከሷል። ዓረፍተ ነገሩ ለብቻው ከቆመ መለያ የለም፤ ቀደም ብሎ የተጠቀሰ ሌላ ወገን መኖሩን ወደ ላይ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። በእኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ድርጅት» የማያሻማው የተሰጠው ነገር ስሙ ስለተጠራ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ተሰጪ ነው፣ ድርጅቱ ተቀባይ ነው።

ከእነዚህ ትምህርቶች መካከል ማርታን ከሁሉ ይልቅ የጠቀማት «ን» የምትቀመጥበት ቦታ ነው። «ያቀረበውን የተጨማሪ ጊዜ ጥያቄ» ውስጥ ተሳቢው «ጥያቄ» ነው፣ «ን» ግን «ያቀረበው» ላይ ናት። ገላጭ ካለ ምልክቱን የሚሸከመው እርሱ ነው። ስለዚህ በግስ ላይ «ውን» ስታይ ቆም ትልና ወደ ቀኝ ግሱ የሚገልጸውን ስም ትፈልጋለች፤ ስሙን ስታገኝ የተሳቢውን ቀኝ ዳርቻ አገኘች ማለት ነው። ግራውን ዳርቻ እንግዲህ ቀደም ብዬ እንዳልኩት ራሷ ትገምታለች፣ ግምቷንም ታሪኩን ሳታነብ እንደማታጸድቀው ታውቃለች።

የጻፍነው እኛው ነን

ለምን እንዲህ እንጽፋለን? ከሙያዬ አንጻር የማውቀው ምክንያት አንድ ነው። የዜና መግቢያ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት የሚሉትን በአንድ ትንፋሽ እንዲመልስ ተምረናል። ገላጩን ከስሙ በኋላ ማስከተል በሚችል ቋንቋ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ዋናው ነገር ቀድሞ ይባልና ዝርዝሩ ይከተላል። በአማርኛ ግን ገላጭ ሁሉ ከስሙ በፊት፣ ጥገኛ ሐረግ ሁሉ ከማሰሪያው በፊት ነው። አንድ መረጃ በተጨመረ ቁጥር ባለቤቱና ግሱ አንድ እርምጃ ይራራቃሉ። ጋዜጠኛው ከመግለጫው መጥቶ ገጹ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ይጽፋል፤ አርታኢው ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ያያል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማርታ ዓረፍተ ነገሩን ለሦስት ቆርጬ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። «የከተማው አስተዳደር ቤቶች ልማት ቢሮ አንድ ተቋራጭ ያቀረበውን የተጨማሪ ጊዜ ጥያቄ ውድቅ አደረገ። ድርጅቱ ቢሮው ባለፈው ዓመት ውል ከተፈራረማቸው ሦስት ተቋራጮች አንዱ ሲሆን፣ ግንባታውን በጊዜው ባለማጠናቀቁ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ይህን የገለጹት የቢሮው ኃላፊ ናቸው።» አነበበችውና በአንድ ደቂቃ ተረጎመችው። ቀጥላ ግን «ፈተናው ላይ እንዲህ ተቆርጦ አይመጣልኝም» አለች። እውነቷን ነው። የሚመጣላት እኛ የጻፍነው ነው።

መቆራረጡን ለሁሉም ዓረፍተ ነገር እንዳታደርገውም ነግሬአታለሁ። የዜናው መግቢያና ሁለተኛው አንቀጽ ይበቃሉ። «ብለዋል»፣ «ሲሉ አክለዋል» የሚሉት ሲጀምሩ ሰው መናገር ስለሚጀምር አረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ እርሳስ አያስፈልገውም። እስከ የካቲት ድረስ በቀን አንድ መግቢያ ትፈታ ነበር። ከአርባ ደቂቃ ወደ ዐሥር ወረደች፤ ከዚያ በታች ግን አልወረደችም። እኔም እንድትወርድ አልፈለግሁም፤ ከእርሷ ፈጥኖ የሚያነብ ሰው እንደ እኔ ነው የሚያነበው።

አዲስ አበባ ስመለስ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን አወጣሁ። ስሠራ የወደድኳቸውን ገጾች ቆርጬ አስቀምጥ ነበር። አንዱን እንዲሁ አነሣሁ፤ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የገባው የእኔ ጽሑፍ ነው፣ ስለዚህ ያረምኩት እኔ ነኝ። በመካከሉ እንዲህ ይላል፦ «ሊቀ መንበሩ ባለፈው ወር ከሥራ ያገዷቸው ሥራ አስኪያጅ ያቀረቡትን ሪፖርት ውድቅ አደረጉ።»

እርሳስ አነሣሁ። «አደረጉ»ን ከበብኩ። አንቱታው አላገዘኝም፤ ሁለቱም የሚከበሩ ሰዎች ናቸው። «ሪፖርት»ን አጠፍኩ። «ሥራ አስኪያጅ»ን አጠፍኩና ወረቀቱን ወደ ግራ ሳብኩት፤ እስከ «ባለፈው ወር» ደረሰ፣ «ሊቀ መንበሩ»ንም ሸፈነ፣ ሁለቱም ጊዜ ልክ ገጠመ። ከ«ሊቀ መንበሩ» በኋላ ዐርፌ አነበብኩት፣ ከ«ሥራ አስኪያጅ» በኋላም ዐርፌ አነበብኩት። ቁራጩ ከዚህ በታች ተቀድዷል፣ የቀረው አንቀጽ የለኝም። ፎቶውን አንሥቼ ለማርታ ላክሁላት። ከደቂቃዎች በኋላ የመለሰችልኝ አንድ መስመር ናት፦ «ጋሼ፣ ማን ነው ውድቅ ያደረገው?»